ማን በዓይኑ አየ? በሊንክድኢን ላይ ምስክርነት ስለ መጠየቅ

የዛሬው ዝግጅታችን ሊንክድኢን በተባለው የባለሙያዎች መገናኛ ላይ ገጽ ላላችሁ፣ ወይም ለመክፈት ለምታስቡ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ስለ ራሳችን ከምንጽፈው በታች ሌላ ሰው ስለ እኛ የሚጽፍበት ቦታ አለ። ስክሪኑ ላይ Recommendations የሚል ርዕስ ተጽፎበት ታገኙታላችሁ፤ እኛ ዛሬ ምስክርነት እንለዋለን። ይህን ምስክርነት ከማን መጠየቅ ይሻላል? ስንጠይቅስ ምን ብለን እንጠይቅ?

ብዙ ሰው ይህን ቦታ ባዶውን ይተወዋል። የሞላው ሰው ገጽ ላይ ስትሄዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት ተመሳሳይ ነገር ነው። ታታሪ ናት፤ ቅን ናት፤ ከሰው ጋር ተግባብታ ትሠራለች፤ የትም ብትቀጠር መሥሪያ ቤቱን ትጠቅማለች። የጻፈው ሰው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስሟን አንስታችሁ የሌላ ሰው ስም ብታስገቡበት ጽሑፉ ምንም አይጎድለውም። መቶ ማመልከቻ ፊቱ የተከመረበት ቀጣሪ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ዓይኑን ጣል አድርጎ ያልፈዋል።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። እኛ አገር አሠሪ ስለ ሠራተኛው የሚጽፈው ዋናው ወረቀት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሲጠየቅ ሠራተኛው ይሠራው የነበረውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑን እና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ ሠርታለች ብሎ ማኅተም ያርፍበታል። ያ ወረቀት ለራሱ ዓላማ በቂ ነው፤ ሥራው መሥራታችሁን ማረጋገጥ እንጂ እንዴት እንደሠራችሁ መናገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ኃላፊዎቻችን ሊንክድኢን ላይ ሲጽፉም ያንኑ የማስረጃ ቋንቋ ይዘው ሲመጡ ነው። እኛም ስንጠይቃቸው «ምስክርነት ጻፍልኝ» ብለን ስለምናቆም ምን መጻፍ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ነገር የለም።

ስለዚህ ከመጠየቃችን በፊት አንድ ነገር ወስነን መነሳት አለብን። ስለ ራሴ ከምናገረው ውስጥ የማያውቀኝ ሰው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠራጠረው የትኛውን ነው? ዲግሪያችሁን አይጠራጠርም፤ ወረቀቱን ያያል። የሠራችሁበትንም ዘመን አይጠራጠርም፤ ደውሎ ይጠይቃል። የሚጠራጠረው «በጫና ውስጥ ጥንቃቄዬን አላጣም»፣ «ችግርን ቀድሜ አያለሁ»፣ «ገንዘብ ላይ እጄ ንጹሕ ነው» የሚሉትን ነው። እነዚህን ስለ ራሱ የማይጽፍ ሰው የለም፤ ማረጋገጥ የሚችለው ግን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት የዕቃ አቅርቦት ባለሙያ አለች እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ለአራት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ከውጭ የተገዛ ዕቃ መርከብ ላይ ከተጫነበት ጊዜ አንስቶ ሆስፒታል በር ላይ እስኪራገፍ ድረስ መከታተል ነው። አሁን ወደ አንድ ዓለም አቀፍ የዕርዳታ ድርጅት መግባት ትፈልጋለች።

መጀመሪያ የምታደርገው ሰው መጠየቅ አይደለም። ኢትዮጆብስ ላይ ወይም ጋዜጣ ላይ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የወጡ ሦስት አራት ማስታወቂያዎችን ሰብስባ ጎን ለጎን ታነባለች፤ በሁሉም ላይ የሚደጋገመውንም ታሰምርበታለች። ሦስት ነገር አገኘች እንበል። አንደኛው ሰነድ አጣርቶ ዕቃን ሳያጓትቱ ማስለቀቅ ነው። ሁለተኛው ዕቃው ለተጠቃሚው በሚሠራበት ሁኔታ መድረሱን መከታተል ነው። ሦስተኛው ግዢ ላይ ታማኝ መሆን ነው። ሦስቱንም ገጿ ላይ ጽፋቸዋለች፤ ግን የጻፈችው ራሷ ናት።

አሁን እያንዳንዱን ማን በዓይኑ እንዳየ ራሷን ትጠይቃለች። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማን አየ በማለት ፈንታ ማን ትልቅ ሰው ነው ብለን እንጀምራለን።

የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ስሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን እሷን የሚያውቃት በዓመት አንድ ሁለቴ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሲጽፍ የሚጽፈው ያየውን ያህል ስለሆነ «ጥሩ ሠራተኛ ናት» ከማለት አያልፍም። አንባቢው ደግሞ ይህን ይለየዋል። ምስክርነቱ በላዩ የጸሐፊው ስምና የሥራ መደብ፣ ቀኑ፣ እንዲሁም በሥራ ምን ግንኙነት እንደነበራቸው ተጽፎበት ነው የሚወጣው። የቅርብ ኃላፊዋ ነበር፣ በሌላ ክፍል አብሯት ይሠራ ነበር፣ ደንበኛዋ ነበር ይላል። ማዕረጉ ከፍ ብሎ ጽሑፉ ባዶ ሲሆን ሰውየው በይሉኝታ እንደጻፈ ያስታውቃል። በትልቅ ሰው ስም የተጻፈ ባዶ ምስክርነት ባይኖር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የላይኛው ሰው እንኳን ስለ እሷ የሚናገረው ነገር አላገኘም የሚል ስሜት ይተዋል።

የሰነዱን ጉዳይ በቅርብ ያየው የቅርብ ኃላፊዋ ነው። ዕቃ ወደብ ላይ ቢቆይ ወጪውን የሚጠየቀው እሱ ነውና እሷ ስህተት ስታስቀር ልብ ይላል። ዕቃው በሚሠራበት ሁኔታ መድረሱን ያየው ደግሞ የሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያዎች ባለሙያ ነው፤ ሳጥኑን የከፈተው፣ መሣሪያውን የተከለው፣ አንድ ገመድ ሲጎድል የደወለላት እሱ ነው። ታማኝነቷንስ ማን አየ? ጓደኞቿ ስለ ታማኝነቷ ሊምሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰነዷን አገላብጦ የመረመረው የፋይናንስ ክፍሉ ሰው ወይም የውስጥ ኦዲተሩ ነው። «ለሁለት ዓመት የግዢ ሰነዶቿን ስመረምር ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ያልተያያዘበት ፋይል አላገኘሁም» ብሎ የሚጽፍ ኦዲተር ስለ ታማኝነት ገጽ ሙሉ ከተጻፈ ውዳሴ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው ዕቃና አገልግሎት አቅራቢዎችን የሚመለከት ነው። ከእሷ ጋር በየሳምንቱ የሚሠራው የጉምሩክ ትራንዚተር ስለ ቅልጥፍናዋ ብዙ ሊናገር ይችላል። ነገር ግን እሷ አሁንም ለእሱ ሥራ የመስጠት ሥልጣን ካላት ልትጠይቀው አይገባም። እሱ እምቢ ማለት አይችልም፤ ነገ ጨረታ ሲያሸንፍ ደግሞ ያ ምስክርነት ለሁለቱም መጥፎ ጥያቄ ያስነሳል። ከዚያ ቦታ ከለቀቀች በኋላ ብትጠይቀው ግን ችግር የለውም። ይህ ለግዢ ሰዎች ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለመምህር፣ ለብድር ሠራተኛ፣ ለተቆጣጣሪ መሐንዲስም ያው ነው። በእጃችሁ ላይ ጉዳይ ያለውን ሰው አትጠይቁ።

ሁለተኛው ዘመድን ይመለከታል። አብሮ የሠራ ወንድም እንኳ ቢሆን አይመከርም። በእኛ አጠራር የአባት ስም አንድ ሲሆን ወንድምና እህት መሆናቸው ከገጹ ላይ ወዲያው ይጠረጠራልና፣ ምስክርነቱ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውንም እውነተኛ ምስክርነት ያጠለሸዋል።

በእናንተ ሥር ያሉ ሠራተኞችንም አትርሷቸው። የምትፈልጉት የኃላፊነት ቦታ ከሆነ እንዴት እንደምታስተምሩ፣ ሰው ሲሳሳት እንዴት እንደምትይዙ የሚያውቀው ከእናንተ በታች የሠራው ሰው ነው። እርግጥ አሁንም አለቃው ከሆናችሁ ያው የይሉኝታው ጉዳይ ይመጣል፤ እሱ ወይም እናንተ ከለቀቃችሁ በኋላ ይሻላል።

የቅርብ ኃላፊን ስለ መጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአድማጮች ብዙ ጊዜ የሚነሳ ስጋት ነውና። «አሁን የምሠራበትን አለቃ ብጠይቀው ልለቅ መሆኔን አያውቅብኝም?» ይላሉ። ስጋቱ ትክክል ነው። በተለይ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ምስክርነት ገጻችሁ ላይ ብቅ ካለ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ያስተውላል። ቀኑም ተጽፎ ስለሚቀር ከዓመት በኋላ የሚያነብ ቀጣሪም ሁሉም በአንድ ሰሞን የተሰበሰቡ መሆናቸውን ያያል። መፍትሔው ሥራ ስትፈልጉ ሳይሆን ሥራ ስትጨርሱ መጠየቅ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ፣ ኦዲት ሲያልቅ፣ ኃላፊያችሁ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር መጠየቅ የተለመደ ነገር ነው፤ ሰውየውም ነገሩ ትኩስ ሆኖ ያስታውሰዋል። አሁን ያለውን አለቃ መጠየቅ ካልተመቸ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረውን፣ ወይም ከድርጅቱ የወጣውን ጠይቁ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአሜሪካ ለምትሰሙን ይበልጥ ይጠቅማችኋል። እዚያ ብዙ ድርጅቶች ኃላፊዎቻቸው ስለ ሠራተኛ በጽሑፍ አስተያየት እንዳይሰጡ ይከለክላሉ፤ የሚፈቅዱት የተቀጠራችሁበትን ዘመንና የሥራ መደባችሁን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ወዳጅ የሚመስላችሁ አለቃ «አልችልም» ቢላችሁ ጠልቷችሁ ነው ብላችሁ አታስቡ። ድርጅቱን ለቆ የወጣ የቀድሞ ኃላፊ ግን ያ መመሪያ ስለማይመለከተው ብዙ ጊዜ በነጻነት ይጽፋል።

ወደ ባለሙያዋ እንመለስ። የቅርብ ኃላፊዋ የነበረውን ሰው ልትጠይቅ ነው። ከሁለቱ የቱን ትመርጣላችሁ? ድረ ገጹ ላይ ገብታ ቁልፉን ተጭና ጥያቄውን መላክ፣ ወይስ አስቀድማ መደወል? እኔ ሁልጊዜ ደውሉ እላለሁ። እኛ አገር ሊንክድኢን ከፍቶ በወር አንዴ እንኳ የማያየው ሰው ብዙ ነው፤ ጥያቄው በኢሜይል ክምር ውስጥ ይቀበራል። ሰላምታም ሳይቀድም ከማሽን የመጣ መልእክት በዕድሜ ከፍ ላለ ሰው ደስ አይልም። በስልክ ወይም በቴሌግራም አውሩት፤ እሺ ካለ በኋላ ጥያቄውን ላኩ።

እሺ ማለቱን ብቻ ግን አትስሙ፤ አባባሉንም ስሙ። «ደስ ይለኛል፣ ያኔ የሆነውን አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው ይጽፋል። «እሺ እሺ፣ ችግር የለም» ብሎ ወሬ የቀየረ ሰው ግን እምቢ ማለት ከብዶት ሊሆን ይችላልና መውጫ በር ክፈቱለት። ይሉኝታ ባለበት አገር ይህ በር ካልተከፈተ የሚመጣው ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ ያ ባዶ ውዳሴ።

ለኃላፊዋ የላከችለት መልእክት ይህን ይመስላል እንበል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? በስልክ እንደነገርኩዎት ወደ አንድ የዕርዳታ ድርጅት የአቅርቦት ክፍል ለማመልከት እያሰብኩ ነው። እዚያ አጥብቀው የሚፈልጉት ዕቃ ከመድረሱ በፊት ሰነድ አጣርቶ ችግርን የሚያስቀር ሰው ነው። እርስዎ ይህን በቅርብ ያዩት አምና ክረምት አልትራሳውንዶቹን ስናስመጣ ይመስለኛል፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ 14 ጥቅል፣ ፓኪንግ ሊስቱ 15 ጥቅል ይል የነበረ ጊዜ። ስለዚያ እርስዎ በሚያስታውሱት መንገድ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ቢጽፉልኝ በጣም ይጠቅመኛል። የዕቃውን ዋጋና የሆስፒታሉን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ጊዜ ካልተመቸዎት ወይም ነገሩ በደንብ ትዝ ካላለዎት ምንም ቅር አይለኝም፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ ሌላ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ አለኝ።»

መልእክቱን እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ምን ዓይነት ሥራ እንደምትፈልግ ነግራዋለች፤ ስለዚህ ጽሑፉን ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል። አንድ ችሎታ ብቻ መርጣለች። ያ ችሎታ የታየበትን አንድ ቀን አስታውሳዋለች፤ ኃላፊው በዚያ ዓመት ስንት ዕቃ እንዳለፈ አያስታውስምና 14 እና 15 የሚለው ቁጥር ትዝታውን ይቀሰቅስለታል። ምን ያህል እንደሚጽፍ ነግራዋለች። ድረ ገጹ ለምስክርነት የሚፈቅደው እስከ 3,000 ፊደል ነው፤ ግን ማንም ያን ያህል አያነብም፣ ረዘም ያለው ጽሑፍ ገጹ ላይ ታጥፎ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብቻ ስለሚታዩ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የድርጅቱን ምሥጢር ጠብቃለች፤ የዋጋና የደንበኛ ስም በአደባባይ ገጽ ላይ እንዳይወጣ ቀድማ አሳስባለች። መውጫውንም ሰጥታዋለች።

ያልነገረችውን ደግሞ ልብ በሉ። «ጎበዝ ነበረች ይበሉልኝ» አላለችም። የሆነውን አስታውሳ ፍርዱን ለእሱ ትታለታለች።

አብዛኛው የኛ አገር ኃላፊ በዚህ ጊዜ የሚሰጠውን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «አንቺው ጻፊውና ላኪልኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ።» ክፋት የለበትም፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ወይም ጽሑፍ ይከብደዋል። ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ራሷ ጽፋ ለሦስት ሰው ብትልክ ሦስቱ ምስክርነቶች በአንድ ሰው ቃል የተጻፉ መሆናቸው ይታወቃል፤ አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት የዓረፍተ ነገር አጣጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይቀራል። ስለዚህ ሙሉ ጽሑፍ ከመላክ ይልቅ «ጋሼ፣ በድምፅ ቢነግሩኝስ?» ብላ ትጠይቀው። በቴሌግራም የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በአማርኛ ይልክላታል፤ እሷ እሱ ያለውን ብቻ፣ ሳታሳምር በጽሑፍ አስቀምጣ ትመልስለታለች፤ አንብቦ፣ ያልተስማማውን አስተካክሎ በራሱ ገጽ ገብቶ ያስገባዋል። ቀጣሪዋ የውጭ ድርጅት ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚሻል ከሆነም ይኸው መንገድ ይሠራል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው በራሱ ሲጽፍ ከየቦታው የሰማውን የተለመደ ሐረግ ይደረድራል፤ በአማርኛ ሲናገር ግን ያየውን ይናገራል። የሚቀጥራችሁ ሰው አማርኛ አንባቢ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ ቢጻፍ ምንም ነውር የለውም።

ኃላፊው የተናገረው ሲጻፍ እንዲህ ሆነ እንበል።

«ለሦስት ዓመት የቅርብ ኃላፊዋ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መሣሪያዎች ስናስመጣ ሁለቱ ሰነዶች በጥቅል ብዛት እንደማይገናኙ ያየችው እሷ ናት፤ እኔ ፈርሜ አሳልፌው ነበር። መርከቡ ጅቡቲ ሳይደርስ ለላኪው ጽፋ ሰነዱ በመርከብ ድርጅቱ በኩል እንዲስተካከል አደረገች። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ያለ ቅጣትና ያለ ተጨማሪ የማቆያ ክፍያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የጭነት ሰነድ ከእኔ ፊርማ በፊት በእሷ እጅ እንዲያልፍ አደረግን።»

«ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም። ነገር ግን ይህን ያነበበ የአቅርቦት ኃላፊ፣ ሰነድ ባለመገናኘቱ ኮንቴይነር ቆሞበት የሚያውቅ ሰው፣ ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሆነች ይገባዋል። ሁለት ነገር ደግሞ እሷ በመልእክቷ ያላነሳችው ነው። «እኔ ፈርሜ አሳልፌው ነበር» ያለው እና ከዚያ በኋላ አሠራሩ መቀየሩን የነገረን ራሱ ኃላፊው ነው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ምስክርነቱን እንዲታመን የሚያደርጉት፤ እሷ ራሷ ጽፋው ቢሆን ኖሮ አለቃዬ ተሳስቶ ነበር ብላ ለመጻፍ ድፍረቱን አታገኝም ነበር። ለዚህ ነው የሆነውን አስታውሱ እንጂ ቃሉን አትስጡ የምለው።

አሁን ስለ አሠራሩ ባጭሩ። ምስክርነት መጠየቅ የሚቻለው ሊንክድኢን ላይ በቀጥታ የተገናኛችሁትን ሰው ነው፤ ስለዚህ ካልተገናኛችሁ አስቀድማችሁ የግንኙነት ጥያቄ ላኩለት። ከዚያ የእሱን ገጽ ከፍታችሁ ከስሙ ሥር More የሚለውን ስትነኩ Request a recommendation የሚል ይመጣል። ስትነኩት በሥራ እንዴት እንደምትተዋወቁና ያኔ የሥራ መደባችሁ ምን እንደነበር ይጠይቃችኋል። ይህን በጥንቃቄ ሙሉ። ኃላፊያችሁ ያልነበረን ሰው ኃላፊዬ ነበር ብላችሁ ብትመርጡ በሁለታችሁም ስም የተጻፈ ውሸት ይሆናል። ያኔ የነበራችሁበት ሥራ ገጻችሁ ላይ ካልተመዘገበም መጀመሪያ መዝግቡት። ቀጥሎ መልእክት የሚጻፍበት ሳጥን ይመጣል፤ ውስጡ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አጭር ጽሑፍ ካለ አጥፉትና የራሳችሁን አስገቡ።

ጽሑፉ ሲመጣ ወዲያው ገጻችሁ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ እናንተ ታነቡታላችሁ፤ እንዲወጣ ስታደርጉት ብቻ ሌላው ያየዋል። ቃሉን ግን መለወጥ አትችሉም። ስህተት ካለበት፣ ለምሳሌ የሥራ መደባችሁን ወይም ዓመቱን አሳስቶት ከሆነ፣ እዚያው ማሻሻያ መጠየቂያ አለ። ወጥቶ ካበቃም በኋላ ልትሰውሩት ትችላላችሁ።

የሚያስቸግረው ስህተት የሌለበት ነገር ግን ባዶ የሆነ ጽሑፍ ሲመጣ ነው። ሰውየው ጊዜ ሰጥቶ የጻፈው ስለሆነ «ደካማ ነው» አይባልም። ከልብ አመስግናችሁ አንዲት ነገር ብቻ ብትጨምሩ ይበቃል፤ «የአልትራሳውንዶቹን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል። እሺ ካለ ጥሩ፤ ካላለ ያለውን ተቀበሉ፣ ወይም ሳታወጡት አስቀምጡት። ሁለተኛ ጊዜ ማሻሻያ መጠየቅ ግን ግንኙነቱን ያበላሻል።

አድማጮች የሚያነሱት ሌላው ነገር መለዋወጥ ነው፤ «ጻፍልኝ፣ እኔም እጽፍልሃለሁ»። እኔ አልመክረውም። ለሌላ ሰው የጻፋችሁትም ገጻችሁ ላይ ከተቀበላችሁት ጎን ይታያል፤ ሁለት ባልደረቦች በተመሳሳይ ቀን እርስ በእርስ ተወዳድሰው ሲታዩ አንባቢው ሁለቱንም ይጥለዋል። ለሌላ ሰው መጻፍ የሚገባችሁ ያያችሁት ነገር ሲኖር ነው፤ ውለታ መመለስ ከፈለጋችሁ ከወራት በኋላ፣ ስለ ሌላ ሥራ ጻፉለት።

ስንት ምስክርነት ይበቃል? ለባለሙያዋ ሦስት ይበቃታል። አንዱ ከኃላፊዋ ስለ ሰነዱ፣ አንዱ ከሆስፒታሉ ባለሙያ ስለ ርክክቡ፣ አንዱ ከኦዲተሩ ስለ ፋይሎቿ። ሦስቱ ስለ ሦስት ነገር ስለሚናገሩ አንዱ ሌላውን አይደግምም። ሦስቱም ስለ ሰነድ ማጣራት ቢጽፉላት ግን ቀጣሪው ስለ ሌላው ችሎታዋ ምንም ሳይሰማ ይቀራል። በምስክርነቶቹ ዝርዝር ውስጥ አዲሶቹ ከላይ ስለሚቀመጡ፣ አሁን ለምትፈልገው ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመውን መጨረሻ ላይ ብትጠይቅ ያዋጣታል።

ኃላፊው እሺ ብሎ ሁለት ሳምንት ቢያልፍስ? አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት፤ አጭርና ወቀሳ የሌለበት ይሁን። «ጋሼ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፤ እስከ አርብ ካልተመቸዎት ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፣ ምንም አያስቡ።» አርብ አልፎ ካልመጣ ያን ቀን በዓይኑ ወዳየው ወደ ሁለተኛው ሰው ሂዱ። የባለሙያዋ ሁለተኛ ሰው ያኔ ከላኪው ጋር በኢሜይል ስትጻጻፍ ቅጂው ይደርሰው የነበረ የፋይናንስ ክፍሉ ባልደረባ ነው፤ እሱም ቀኑን ያስታውሰዋል።